የባቲ ገበያን ምዕራፍ ማረም፦ ጎደሎ፣ የተጣበቁና በነጠላ ሰረዝ የተያያዙ ዓረፍተ ነገሮች

ሰኞ፣ ደሴ

የሰፈራችን የንባብ ክበብ ልጆች ከሽማግሌዎች እየቀዱ የጻፉት ጽሑፍ ዛሬ በፍላሽ ደረሰኝ። ስለ ባቲ፣ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ውጫሌና ስለ ደሴ ነው። ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ እንዲታተም ይፈልጋሉ። የእኔ ድርሻ አርትዖቱ ነው።

የጀመርኩት ከባቲው ምዕራፍ ነው። ወሬው ጥሩ ነው፤ ሽማግሌው የሚያወሩትን ያውቃሉ። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ያሰናክላሉ። አንዱ ሳያልቅ ይቆማል። ሌላው ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። ሌላው ደግሞ ማለቅ ሲገባው በነጠላ ሰረዝ ታልፏል። ሦስቱም ችግሮች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እሱም ማሰሪያ አንቀጹ ነው፤ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ።

ማሰሪያ የሌለው ነገር ላይ አራት ነጥብ ካረፈ ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ነው። ሁለት ማሰሪያ ያለ ምንም ምልክት ከተከታተሉ ዓረፍተ ነገሮቹ ተጣብቀዋል። በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ነጠላ ሰረዝ ብቻ ከገባ ደግሞ ሦስተኛው ስሕተት ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ማሰሪያው የት አለ?

ከዚያ በፊት ግን ምልክቶቹን ማጽዳት ነበረብኝ። ልጆቹ በተለያየ ስልክና ኮምፒውተር ነው የጻፉት። አንዱ አራት ነጥቡን በትክክል «።» ብሎ ጽፏል። ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» አድርጎታል። ሌላው ደግሞ የፈረንጁን «::» ተጠቅሟል። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያመጣላችሁም። ስለዚህ በመፈለጊያና መተኪያው መስኮት ሁሉንም ወደ አንድ አመጣኋቸው፦

```
፡፡  →  ።
::  →  ።
,   →  ፣
;   →  ፤
```

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በጅምላ አትተኩ። በቁጥር መሀል ያለ ኮማም አብሮ ይቀየራል። እኔ አንድ በአንድ እያየሁ ነው የተካሁት።

ማክሰኞ

ዛሬ ጎደሎዎቹን ለቀምኩ። አማርኛ እዚህ ላይ ደግ ቋንቋ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ ማንበብ አያስፈልግም። የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «።» ጽፌ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በፊት ያለችውን አንዲት ቃል ብቻ አየሁ።

ያቺ ቃል ስም ከሆነች ያጠራጥራል። ግስ ሆና በ«የ»፣ በ«ስለ»፣ በ«እንደ»፣ በ«ሲ» ወይም በ«ከ» ከጀመረች ጥገኛ ናት፤ ሌላ ግስ ትጠብቃለች። «ወርዶ»፣ «ጭኖ»፣ «ይዘው» ዓይነት ከሆነች ቦዝ አንቀጽ ናት። እሷም አትዘጋም። አሉታው ደግሞ ጥሩ ምልክት አለው። ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ማሰሪያ ሲሆን መጨረሻው ላይ «ም» ይኖረዋል፦ አልመጣም፣ አይሸጥም። ጥገኛ ሲሆን «ም»ዋ ትወድቃለች፦ ስላልመጣ፣ የማይሸጥ፣ ካልሸጠ።

የመጀመሪያው ያገኘሁት ይህ ነው፦

«ባቲ ሰኞ ሰኞ ትደምቃለች። ምክንያቱም ገበያዋ ሰኞ ስለሚውል።»

ይህ ዓይነቱ በጽሑፉ ውስጥ በጣም ብዙ ነው። በሌላ ሰው ጽሑፍም ቢሆን መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። «ምክንያቱም» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ አዲስ ዓረፍተ ነገር የጀመረ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ግን «ስለሚውል» ብሎ ያቆማል። «ስለሚውል» ደግሞ በራሱ አይቆምም። ጥገናው ቀላል ነው። አንደኛው መንገድ «ነው»ን መጨመር ነው፦ «ምክንያቱም ገበያዋ ሰኞ ስለሚውል ነው።» ሁለተኛው ምክንያቱን ወደ ፊተኛው ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው፦ «ገበያዋ ሰኞ ስለሚውል ባቲ በዚያ ቀን ትደምቃለች።»

የትኛው ይሻላል? ምክንያቱ ለአንባቢው አዲስ ከሆነ ለብቻው ቆሞ በ«ነው» ቢዘጋ ይጎላል። የታወቀ ነገር ከሆነ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የባቲን ሰኞ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። መጽሐፉ ግን አዲስ አበባም ይደርስ ይሆናል። ስለዚህ «ነው»ን ጨመርኩ።

ቀጣዩ ጎደሎ ደግሞ ሁለት ሆኖ ነው የመጣው፦

«ከቆላ ግመል እየነዱ የሚመጡት አፋሮች። ከደጋ እህል ጭነው የሚወርዱት ገበሬዎች።»

ልጆቹን የሚያታልላቸው እዚህ ውስጥ ግስ መኖሩ ነው። «የሚመጡት» ግስ ነው፤ «የሚወርዱት»ም ግስ ነው። ግን ሁለቱም ሥራቸው ስሙን መግለጽ ነው። የትኞቹ አፋሮች እንደሆኑ ይነግሩናል እንጂ አፋሮቹ ምን እንደሚያደርጉ አይነግሩንም። ይህን ሳይ «ታዲያ ምን ሆኑ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ከጠፋ ማሰሪያው የለም ማለት ነው። ቀረጻውን ከፍቼ ስሰማ ሽማግሌው መልሱን ተናግረውታል። ጸሐፊው ነው የዘለለው። አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «ከቆላ ግመል እየነዱ የሚመጡት አፋሮችና ከደጋ እህል ጭነው የሚወርዱት ገበሬዎች እዚህ ይገናኛሉ።»

ምዕራፉን የጻፈው ልጅ ማታ መጣ። አራት ነጥቡን በምን እንደሚያስቀምጥ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ሽማግሌው ትንፋሽ ሲወስዱ ነው የማስቀምጠው» አለኝ።

የብዙው ነገር ምንጭ ይህ ነው። ሰው ሲያወራ የሚያርፈው ሐሳቡ ስላለቀ ብቻ አይደለም። ቡና ፉት ይላል፤ ስም ያስታውሳል፤ አድማጩን ያያል። አራት ነጥብ ደግሞ የሐሳብ ማብቂያ እንጂ የትንፋሽ ምልክት አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ቀረጻ ሲገለብጥ አራት ነጥብ ሳያስገባ እንዲጽፍ ነገርኩት። ከዚያ ማሰሪያዎቹን አስምሮ ነጥቡን በኋላ ያስገባል።

ረቡዕ

ዛሬ የተጣበቁት ተራ ነው። የምዕራፉ ከባዱ አንቀጽ ይኸው፣ እንዳለ፦

«አባቴ ጨው ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ ሰንብቶ እሁድ ማታ ባቲ ገባ ግመሎቹን አሳረፈ እዚያው አደረ ጠዋት ገበያው ሞላ እኔ ልጅ ነበርኩ እጁን ይዤ ዞርኩ ጨው በአንድ በኩል ተደርድሯል ቅቤው በሌላ በኩል ነው አባቴ አትጥፋ ብሎ ተቆጣኝ እኔ ግን ግመል አየሁ ብዬ ጠፋሁ»

መጀመሪያ ማሰሪያ የሚመስለውን ሁሉ አሰመርኩ። ገባ፣ አሳረፈ፣ አደረ፣ ሞላ፣ ነበርኩ፣ ዞርኩ፣ ተደርድሯል፣ ነው፣ አትጥፋ፣ ተቆጣኝ፣ አየሁ፣ ጠፋሁ። 12 ናቸው።

ቀጥሎ አስመሳዮቹን አወጣሁ። «አትጥፋ» ለብቻው ቢቆም ሙሉ ትእዛዝ ነው። እዚህ ግን ከኋላው «ብሎ» አለ። «ብሎ»፣ «ብዬ»፣ «ብለው» ከፊታቸው ያለውን ንግግር ይውጡታል፤ ማሰሪያነቱ ይቀራል። «አየሁ»ም «ብዬ» ስላለው እንደዚያው ነው። በዚህ መንገድ ሁለቱ ወጡና 10 ቀሩ። «መሰለኝ» እና «አሉ»ም ይህን ያደርጋሉ። «ዝናብ ይመጣል መሰለኝ» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማሰሪያ ብቻ እየቆጠረ አራት ነጥብ የሚያስገባ ሰው እነዚህን ይሰባብራቸዋል።

ደግሞም ያላሰመርኩትን ተመልከቱ። «ወርዶ ሰንብቶ» ሁለት ግስ ነው፤ ችግር ግን የለበትም። ቦዝ አንቀጽ ተከታትሎ መሄዱ የአማርኛ ተረክ ወግ ነው። ርዝመት በሽታ አይደለም። አንድ ገጽ የሞላ ዓረፍተ ነገር በአንድ ማሰሪያ ተዘግቶ ልክ ሊሆን ይችላል። አምስት ቃል ብቻ ያለውም «ዝናቡ መጣ እኛ ቤት ገባን» ተብሎ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቃል ብዛት አትለዩት።

አሥሩ ማሰሪያዎች መካከል ምን ይግባ? ልጁ ለሁሉም አራት ነጥብ ማስገባት ፈለገ። ልክ ይሆናል፤ ግን ይቆራረጣል። «ገባ። አሳረፈ። አደረ። ሞላ።» የሽማግሌው አንደበት እንዲህ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለቱ ሐሳቦች ምን እንደሚያገናኛቸው ጠየቅን።

«አሳረፈ» እና «አደረ» የአንድ ሰው ተከታታይ ሥራዎች ናቸው። ፊተኛውን ወደ ቦዝ መለስነው፦ «አሳርፎ አደረ»። «ሞላ» ግን የገበያው ነው። ባለቤቱ ሲለወጥ ቦዙን መጠቀም ያደናግራል። ልጁ «ገበያው ሞልቶ እጁን ይዤ ዞርኩ» ብሎ ሞክሮ ነበር። አንባቢው የማንን እጅ እንደያዘ ለመለየት ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚያ አራት ነጥብ ይሻላል። ጨውና ቅቤው ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት እኩል ሥዕሎች ናቸው። ድርብ ሰረዝ የተሠራው ለእንደዚህ ያለው ነው።

የወጣው ይህ ነው፦

«አባቴ ጨው ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ ሰንብቶ እሁድ ማታ ባቲ ገባ። ግመሎቹን አሳርፎ እዚያው አደረ። ጠዋት ገበያው ሞላ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ እጁን ይዤ ዞርኩ። ጨው በአንድ በኩል ተደርድሯል፤ ቅቤው በሌላ በኩል ነው። አባቴ «አትጥፋ» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ግን ግመል አየሁ ብዬ ጠፋሁ።»

«ስለነበርኩ» ላይ በቀይ የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ። ሽማግሌው «ልጅ ነበርኩ» ብለዋል፤ «እጁን ይዤ ዞርኩ» ብለዋል። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አላሉም። «ስለ» የልጁ ናት እንጂ የእሳቸው ቃል አይደለችም። ነጥብ ስታስገቡ ትርጉም አይጨመርም። ማያያዣ ስታስገቡ ግን ይጨመራል። እስኪጠየቁ ድረስ ይቆይ።

ሐሙስ

ነጠላ ሰረዞቹ። ዛሬ የፈለግኩት «፣» ሲሆን ያየሁት አሁንም ከፊቱ ያለውን ቃል ነው። ስም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ስለሆነ አለፍኩት። «ሲ» ወይም «ስለ» ያለበት ጥገኛ ግስ ወይም ቦዝ ከሆነም አለፍኩት። ማሰሪያ ከሆነ ቆምኩ።

«የባቲ ገበያ ትልቅ ነው፣ ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአማራ ሰው ይመጣበታል፣ ስለዚህ ሦስት ቋንቋ ይሰማል።»

ሦስት ነጠላ ሰረዝ አለ። መካከለኛው ከ«አፋር» በኋላ ያለው ዝርዝር ነው። እሱ ይቆይ። የመጀመሪያው «ነው»ን፣ የመጨረሻው «ይመጣበታል»ን ተከትሏል። ሁለቱም ማሰሪያ ናቸው።

የመጀመሪያው አራት ነጥብ ሆነ። የመጨረሻው ላይ ልጁ ተከራከረኝ። «‹ስለዚህ› አለ እኮ ጋሼ፤ እሱ ያያይዘዋል።» እውነቱን ነው፤ ሐሳቡን ያያይዘዋል። ሰዋስዉን ግን አያያይዘውም። «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚያ በኋላ» በዓረፍተ ነገር ራስ ላይ የሚቀመጡ ቃላት ናቸው። ከፊታቸው ያለው ግስ ማሰሪያነቱን አይለቅም። ስለዚህ ከፊታቸው አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ይፈልጋሉ። በግሱ ላይ ራሱ የሚለጠፉት ናቸው በትክክል የሚያያይዙት፦ «ስለሚመጣ»፣ «ሲመጣ»፣ «መጣና»። ማያያዣው ከግሱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ማሰሪያው ተፈትቷል። ለብቻው ቆሞ ከሆነ አልተፈታም። ልጁ ይህን ከያዘ በኋላ ቀሪዎቹን ራሱ አገኛቸው።

አንቀጹ አሁን እንዲህ ይላል፦ «የባቲ ገበያ ትልቅ ነው። ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአማራ ሰው ስለሚመጣበት ሦስት ቋንቋ ይሰማል።»

ልጁ ሌላም ነገር አነሳ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፣ ከኮማ በኋላ «እና» ወይም «ግን» ካለ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ማገናኘት እንደሚቻል ተምሯል። ልክ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይቻላል። እዚያ ስሕተት የሚሆነው ኮማው ብቻውን ሲቀር ነው። ደግሞ በእንግሊዝኛ ግሱ መሀል ስለሚቀመጥ የእኔ «የመጨረሻዋን ቃል እይ» ዘዴ እዚያ አይሠራም። አማርኛው ላይ «ግን» ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይገባል፦ «አባቴ ተቆጣ፤ እኔ ግን ጠፋሁ።» እንዲህ ያለው ላይ በነጠላ ሰረዝ የሚጽፍ ብዙ ነው። እኔ ድርብ ሰረዙን እመርጣለሁ። ነጠላውን ለዝርዝርና ለጥገኛ ሐረግ ብቻ ስንተወው አንባቢው ምልክቱን ያምነዋል።

አንድ የተውኩት አለ፦ «አባቴ አረሰ፣ ዘራ፣ አረመ፣ አጨደ።» ሁሉም ማሰሪያ ናቸው። ባለቤቱ ግን አንድ ነው፤ ግሶቹም አጫጭር ናቸው። የዓመቱ ሥራ እንደ ዝርዝር ነው የተቆጠረው። ይህን ወደ «አርሶ ዘርቶ አርሞ አጨደ» መቀየር ይቻላል። ግን አጨዳው ብቻ ይጎላና የቀረው ዳር ይወጣል። ሽማግሌው አራቱንም እኩል ነው ያሏቸው።

ዓርብ

የሐይቁና የውጫሌው ምዕራፍ ቶሎ አለቀ። ልጆቹ ራሳቸው አስምረውት ነው የመጡት። አንድ ቦታ ብቻ ቆየን፦

«የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ተፈረመ፣ ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ናት፣ ውሉ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው።»

ሦስት ማሰሪያ በሁለት ነጠላ ሰረዝ ተያይዟል። በአራት ነጥብ ብንከፍለው ሦስቱም እኩል ዜና ይሆናሉ። ዋናው ዜና ግን የስሙ መነሻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ገለጻ ናቸው። ገለጻውን በ«የ» ወደ ጥገኝነት አወረድነው፦ «በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ስሙን ያገኘው አምባሰል ውስጥ ካለችው ውጫሌ ነው።» ማክሰኞ ዕለት ጎደሎ ያደረገን «የ» እዚህ ሦስቱን አንድ አደረገልን። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ «ነው» መኖሩ ነው።

ቅዳሜ

ከልጁ ጋር ሽማግሌው ቤት ሄድን። ምዕራፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቀይ ምልክቱ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

«አባባ፣ የአባትዎን እጅ የያዙት ልጅ ስለነበሩ ነው?»

«ኧረ አይደለም! ልጅማ ሁሉም ልጅ ነበር። እኔ ግመሉን እፈራ ነበር። ፈርቼም ማየት እወድ ነበር።»

«ስለነበርኩ» ወጣ። አሁን የገባው ይህ ነው፦ «እኔ ልጅ ነበርኩ። ግመል ስለምፈራ የአባቴን እጅ ይዤ ዞርኩ።» ቀጥሎ የሚመጣው «እኔ ግን ግመል አየሁ ብዬ ጠፋሁ»ም አሁን ሌላ ጣዕም አገኘ። ልጁ መንገድ ላይ ስንመለስ የሌሎቹን ምዕራፎች «ስለ»ዎች ሁሉ ከቀረጻው ጋር ሊያስተያይ ወሰነ። እኔም የምለው እሱን ነው። በአርትዖት የገባ «ስለ» ሁሉ ምንጭ ይፈልጋል።

እሁድ

የቀረው የሚተወውን መለየት ነው። በንግግር ውስጥ ያሉ ጎደሎዎችን አልነካም። «ከየት ነው የመጣኸው?» ሲባሉ ሽማግሌው «ከባቲ።» ብለዋል። ማሰሪያው በጥያቄው ውስጥ አለ። «ከባቲ ነው የመጣሁት» ብዬ ብሞላው ሰው እንደዚያ አይመልስም። ርዕሶችም ማሰሪያ አያስፈልጋቸውም። «የሰኞ ገበያ» ይበቃል። ርዕስ ላይ አራት ነጥብ ያደረጉትን ብቻ አጠፋሁ።

የፎቶዎቹ መግለጫ ግን ተደባልቆ ነው የመጣው። አንዱ «ግመሎች ባቲ ሲገቡ።» ይላል። ሌላው «ቅቤ ሻጮች በገበያው ላይ ተቀምጠዋል» ብሎ ያለ ነጥብ ቆሟል። ከልጆቹ ጋር አንድ ደንብ ተስማማን። ማሰሪያ ያለው መግለጫ አራት ነጥብ ይኖረዋል፤ ማሰሪያ የሌለው አይኖረውም። ስለዚህ «ግመሎች ባቲ ሲገቡ» ነጥቡ ወጣለት፤ የቅቤ ሻጮቹ ላይ ተጨመረ። ፋይሉ ነገ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የናሙናው ገጽ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የአራት ነጥቡን ቅርፅ ነው። ማተሚያ ቤቱ ፊደሉን ሲቀይር ምልክቶቹም አብረው ሊቀየሩ ይችላሉ።